መክተብ፣ ከፊል፣ ኢቃማ፦ ዐረብኛ ከሦስት ተነባቢ ቃል ሲያወጣ
(እንጅባራ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዐረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እኅት ወይም ጎረቤት ያለችው ሰው ሦስት ቃላት ሳይሰማ አይቀርም። ሥራ ያገናኛት ቢሮ «መክተብ» ነው። ኀላፊነት ወስዶ ያስገባት አሠሪ «ከፊል» ነው። የመኖሪያ ፈቃዷ ደግሞ «ኢቃማ» ነው። ስለ ስደቱ ብዙ የሚባል አለ፤ እሱን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። እኔ ዛሬ የምፈታው ቃሎቹን ነው። ሦስቱን አፈታትተን ስናይ ዐረብኛ ቃል የሚያበጅበት መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። አማርኛ ወይም ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ግማሹን መንገድ ሳያውቀው ሄዶታል።

ከመክተብ እንጀምር። የቃሉ ሥር ከ፣ ተ፣ በ የሚሉት ሦስት ተነባቢዎች ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ብቻቸውን ቃል አይደሉም፤ ሊነበቡም አይችሉም። የያዙት ጠቅላላ ሐሳብ «መጻፍ» ነው። በመካከላቸው አናባቢ ሲገባ፣ አንዳንዴም ከፊት ወይም ከኋላ ሌላ ድምፅ ሲጨመር ያን ጊዜ ቃል ይሆናሉ። «ከተበ» ጻፈ ማለት ነው። የመጀመሪያው ተነባቢ ረዝሞ ሁለተኛው «ኢ» ሲይዝ «ካቲብ» ይሆናል፤ ጸሐፊ ማለት ነው። ከፊት «መ» ገብቶ ሁለተኛው «ኡ» ሲይዝ «መክቱብ» ይሆናል፤ የተጻፈ ነገር፣ ደብዳቤም ይባላል። «ኪታብ» መጽሐፍ ነው። «መክተብ» የሚጻፍበት ቦታ ነው፤ ጠረጴዛውም፣ ቢሮውም በዚሁ ይጠራል። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተጨምሮበት «መክተባ» ሲባል ቤተ መጻሕፍት ወይም የመጻሕፍት መደብር ይሆናል።

ከተበ፣ ካቲብ፣ መክቱብ፣ መክተብ ስል ሦስቱ ተነባቢዎች ቅደም ተከተላቸውን አልለቀቁም። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው ነው። ዐረቦች ይህን የሚለወጠውን መልክ «ወዝን» ይሉታል፤ ልክ ወይም ሚዛን እንደ ማለት ነው። ልኮቹን ለመጥራት ደግሞ «አደረገ» የሚል ትርጉም ያለውን «ፈዐለ» የሚለውን ግስ መለኪያ አድርገው ይዘዋል። ካቲብ በ«ፋዒል» ልክ ነው፣ መክቱብ በ«መፍዑል» ልክ ነው፣ መክተብ በ«መፍዐል» ልክ ነው ይላሉ። በቅኔ ቤት ግስ ያወረደ ሰው ይህ አይገርመውም። የኛም ሊቃውንት «ቀተለ ቤት»፣ «ቀደሰ ቤት» እያሉ አንድን ግስ ለብዙዎች መለኪያ ያደርጋሉ፤ የመረጡት ግስ ተለየ እንጂ ብልኀቱ አንድ ነው።

«መፍዐል» የሚለውን የቦታ ልክ እኛም በየቀኑ እናነሣዋለን። መቅደስ፣ መንበር ስንል የቆምነው በዚያው ልክ ላይ ነው፤ የሚቀደስበት፣ የሚነበርበት ቦታ። ምሥራቅና ምዕራብ እንኳ የዚሁ ዘመዶች ናቸው፤ ዐረብኛው «መሽሪቅ» እና «መግሪብ» ይላቸዋል፣ የመግሪብ ሶላትም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አማርኛ ግን በራሱ መንገድ ሲሄድ የቦታ ስሙን ከሁለቱም ጫፍ ያስረዋል፦ መ–ቀመጥ–ያ ብሎ «መቀመጫ»፣ መ–ከተብ–ያ ብሎ «መከተቢያ»። ከተበን ካነሣሁ አይቀር፣ ይህ ሥር እኛ ዘንድም እንዳለ ታስታውሳላችሁ። በአንገት የሚንጠለጠለው የተጻፈ ክታብ አለ፤ በጤና ጣቢያ ልጆቻችን የሚወስዱት ክትባት አለ። ከታቢ፣ ተከታቢ፣ አስከተበ፣ ተከተበ ስንል ምንም ሳንጨነቅ ልኮቹን እየቀያየርን ነው።

አሁን ትንሽ ከበድ ወዳለው እንሂድ። እነዚያ ቢሮዎች በራቸው ላይ ያለው ሙሉ ስም ብዙ ጊዜ «መክተብ ኢስቲቅዳም» ነው። ኢስቲቅዳም የሚባለውን ረጅም ቃል ሲያይ ተማሪ ይደነግጣል፤ ሥሩ የቱ ነው? የዐረብኛ መምህራን ለዚህ ያዘጋጁት መፈተሻ አለ። ከሥሩ ውጭ ተጨማሪ ሆነው ሊገቡ የሚችሉት ድምፆች ዐሥር ብቻ ናቸው ይላሉ፤ ዐሥሩንም «ሰአልቱሙኒሃ» በምትል ቃል ውስጥ ሰብስበው ያስይዛሉ፣ «ስለ እርሷ ጠየቃችሁኝ» ማለት ነው። በውስጧ ሰ፣ አ፣ ለ፣ ተ፣ መ፣ ወ፣ ነ፣ የ፣ ሀ እና የሚረዝመው «ኣ» አሉ። ከእነዚህ ውጭ የሆነ ድምፅ ካገኛችሁ ያለጥርጥር የሥር ድምፅ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ግን ሥርም ሊሆን ይችላል፣ ተጨማሪም ሊሆን ይችላል፤ ልኩን ማየት ያስፈልጋል።

ኢስቲቅዳምን በዚህ እንፈትሽ። አ፣ ሰ፣ ተ፣ ቀ፣ ደ፣ ኣ፣ መ አሉት። ቀ እና ደ ከዐሥሩ ውስጥ የሉም፤ ስለዚህ ሁለቱ የሥር ድምፆች ተገኙ። ሦስተኛው ማን ነው? ከፊት ያሉት አ፣ ሰ፣ ተ በአንድነት «ኢስተ» የሚል የታወቀ ልክ ይሠራሉ። ኣ ደግሞ በዚህ ልክ የስሙ ማስረዘሚያ ነው። የቀረው መ ነው፤ መ ተጨማሪ ሲሆን የሚመጣው በአብዛኛው ከፊት ስለሆነ እዚህ መጨረሻ ላይ ያለው ሥር ነው። ሥሩ ቀ–ደ–መ ሆነ። ዐረብኛው «ቀዲመ» ሲል መጣ፣ ደረሰ ማለቱ ነው፤ እኛ ቀደመ የምንለው ዘመዱ ነው። «ኢስተቅደመ» ሲሆን እንዲመጣ አደረገ፣ አስመጣ ይሆናል፤ ኢስቲቅዳም ደግሞ የዚህ ስም ነው፤ ማስመጣት። እንግዲህ መክተብ ኢስቲቅዳም ማለት «ሰው የሚያስመጣ ቢሮ» ነው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ከአንድ ሥርና ከአንድ ልክ ነው።

«ኢስተ» የሚለው ልክ ብዙውን ጊዜ መፈለግን፣ መጠየቅን ወይም ለራስ ማድረግን ያመጣል። ለኛ ባዕድ አይደለም። ግዕዝ «ርእየ» ካለ በኋላ «አስተርአየ» ይላል፤ ጥር 21 የምናከብራት አስተርእዮ ማርያም ከዚያ የመጣች ናት። አስተ እና ኢስተ የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ኢስተ የሚለው ብቻ አይደለም። የምዕራባውያን መማሪያዎች የዐረብኛን የግስ ልኮች ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጥር ሰጥተው ይደረድሯቸዋል፤ ኢስተ ዐሥረኛው ነው። ዐሥሩንም ዛሬ አልዘረዝርም። አንዱን ሥር ይዤ የምታውቋቸውን ብቻ ላሳይ። ሥሩ ዐ–ለ–መ ነው፤ ማወቅ። ዐረብኛም እንደ አማርኛ ጥብቀትን በተነባቢ ፊደል አያሳይም፤ በላዩ ላይ ትንሽ ምልክት ያደርጋል፣ ብዙ ጊዜም ይተወዋል። ስለዚህ የሚጠብቀውን ለማሳየት ፊደሉን ደግሜ እጽፈዋለሁ። «ዐሊመ» አወቀ ነው። መካከለኛው ሲጠብቅ «ዐልለመ» ይሆናል፤ እንዲያውቅ አደረገ፣ አስተማረ። በዚህ ላይ «ተ» ሲጨመር «ተዐልለመ» ተማረ ይሆናል። ከፊት «አ» ሲገባ «አዕለመ» አስታወቀ ይሆናል። «ኢስተዕለመ» ደግሞ ለማወቅ ጠየቀ፣ አጣራ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ያደጉት ይህን በራሳቸው ቋንቋ ሊያስተያዩት ይችላሉ። ግዕዝ ቀተለ ብሎ ሁለተኛውን ያላላል፣ ቀደሰ ብሎ ያጠብቃል፣ ባረከ ብሎ የመጀመሪያውን ያስረዝማል። የዐረብኛ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ልክ እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። «ቀድደሰ» በዐረብኛም ቀደሰ ነው። የዐረብ ክርስቲያኖች መጽሐፍ ቅዱስን «አልኪታብ አልሙቀድደስ» ይሉታል፤ ከተበን አስቀድመን ስላየን ኪታቡን ለማወቅ አሁን አንቸገርም።

ሙቀድደስ የሚለው ቃል ከፊቱ «ሙ» አለው። ከሁለተኛው ልክ ጀምሮ አድራጊውም ተደራጊውም በ«ሙ» ይጀምራል። የሚለያቸው ከመጨረሻው ተነባቢ በፊት ያለው አንድ አናባቢ ነው። «ኢ» ከሆነ አድራጊ ነው፣ «አ» ከሆነ ተደራጊ ነው። «ሙዐልሊም» አስተማሪ ነው፤ «ሙዐልለም» ሲሆን የተማረ፣ ያስተማሩት ነው። ይህ እጅግ ቀጭን ልዩነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። ሥሩ ሐ–መ–ደ ነው፤ ማመስገን። አመስጋኙ «ሓሚድ» ነው። የተመሰገነው «መሕሙድ» ነው። ከሌላው ይልቅ የሚመሰገነው «አሕመድ» ነው። መካከለኛው ጠብቆ ተደራጊ ሲሆን «ሙሐምመድ» ይሆናል፤ ደጋግሞ የተመሰገነ። አንድ ክፍል ውስጥ አሕመድም መሕሙድም ሙሐመድም ቢገኙ መምህሩ ስም የሚጠራው ከአንድ ሥር ነው።

ዐረብኛ ጽሑፍ ደግሞ አጫጭር አናባቢዎችን ብዙ ጊዜ አይጽፍም። ከ–ተ–በ ብሎ ሦስት ፊደል ብቻ ያስቀምጣል፤ ጻፈ ሊሆን ይችላል፣ ተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። አንባቢው የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። የኛ ፊደል በዚህ ደግ ነው፤ በአራተኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዔዛና ዘመን ድንጋይ ላይ ሲቀረጽ አናባቢ መያዝ ጀምሯል፤ ካዕብ ሳልሱ ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ እኛ ልኮቹን በዓይናችን እናያቸዋለን፤ ዐረቡ ግን በልቡ ያስባቸዋል።

እዚህ አዊ ውስጥ ስናገር ልዝለለው የማልችለው ነገር አለ። አውኚ የምትናገሩ ወገኖች ይህን አሠራር ከቤታችሁ ቋንቋ ጋር አስተያዩት። አውኚ የኩሽ ቋንቋ ነው፣ የአገው ቤተሰብ ነው። በአውኚ የግሱ ግንድ በመካከሉ አይበጠስም። ማስደረጉም፣ መደረጉም፣ ማን እንደ ሆነውም፣ መቼ እንደ ሆነውም አንዱ በአንዱ ላይ ከኋላ ይቀጠላል። ከፊት ምልክት የሚቀበሉ ጥቂት ጥንታዊ ግሶች አሉት፤ የቋንቋ ሊቁ ሮበርት ሄትስሮን በ1969 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የደቡብ አገው ግስ ጥናት እነርሱንም አንሥቷል። አማርኛና አውኚ አንድ ላይ ይዞ ያደገ የዳንግላ ልጅ በአንድ አፍ ሁለት የተለያየ የቃል አሠራር ይዟል፦ አንዱ ሥሩን ከፍቶ በመካከል አናባቢ ይቀያይራል፣ ሌላው ግንዱን ሳይነካ ጅራቱን ያስረዝማል። እንዲህ ያለ ልጅ ዐረብኛ ቢጀምር ምን ከምን እንደሚለይ ለማየት ከብዙዎቻችን የተሻለ ዓይን አለው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ሁለተኛው ቃል፣ ወደ ከፊል እንመለስ። ሥሩ ከ–ፈ–ለ ነው፤ ልኩ «ፈዒል» ነው። በዚህ ልክ ያሉ ቃላት ብዙ ናቸው፤ ሐኪም፣ ወኪል፣ አሚን። ግዕዝም ጠቢብ፣ ሐዲስ ሲል እዚሁ ልክ ላይ ነው። በዐረብኛ «ከፈለ» ዋስ ሆነ፣ ኀላፊነት ወሰደ ማለት ነው፤ ከፊል እንግዲህ ዋስ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በአማርኛ ከፊል ስንል ሙሉ ያልሆነ፣ ግማሽ ማለታችን ነው፤ ከፈለም ገንዘብ ሰጠ ወይም ለያየ ነው። ሥሩም ልኩም በድምፅ አንድ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። አሠሪዋን ከፊል ስትለው የሰማ ሰው «ደመወዝ ከፋዩ» ብሎ ቢተረጉመው አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። ልኩ የሚነግረን የቃሉን ጠባይ ነው፤ አድራጊ ነው፣ ቦታ ነው፣ መሣሪያ ነው ይለናል። ትርጉሙን የሚወስነው የተናጋሪዎቹ ልማድ ነው። ለዚህ ነው ከዚያው ከ–ተ–በ «ከቲባ» ወጥቶ የጦር ክፍል መጠሪያ የሆነው። ጽሕፈትን ብቻ ይዞ ሻለቃ ጦር ላይ የሚደርስ የለም። ደግሞም እያንዳንዱ ሥር ዐሥሩንም ልክ አይሞላም፤ ሰዎቹ የሚሉትንና የማይሉትን መስማት የግድ ነው።

ሌላው የኛ ጆሮ የሚሳሳትበት ቦታ የጉሮሮ ድምፆች ናቸው። በዐረብኛ «ኸለቀ» ፈጠረ ነው፤ «ሐለቀ» ላጨ ነው። የአማርኛ ተናጋሪ ሁለቱንም ሀ አድርጎ ይሰማቸዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድሮው ግዕዝ የተለያየ ድምፅ ነበሯቸው፤ ዛሬ በአማርኛ የቀረን የፊደሉ ልዩነት ብቻ ነው። ሥር ሲሳሳት መፈተሻው ሁሉ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ዐረብኛ የሚጀምር ሰው ከምንም በፊት ጆሮውን በእነዚህ ላይ ቢያሠራ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ቃል ኢቃማ ከሁሉም ይከብዳል። መፈተሻውን ብናስገባበት ያለጥርጥር ሥር የምትሆነው ቀ ብቻ ናት። አ እና ኣ ከዐሥሩ ውስጥ ናቸው፤ መም ከዐሥሩ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለችውም ትንሽ ድምፅ «ተ» ናት። ሦስት ተነባቢ የት አለ? አንዱ ተደብቋል። ዐረብኛ «ወ» ወይም «የ» መካከል ላይ ያለበትን ሥር ሲያገኝ ብዙ ጊዜ ያንን ደካማ ድምፅ ውጦ በቦታው አናባቢ ያስረዝማል። «ቃመ» ቆመ ማለት ነው፤ ሥሩ ቀ–ወ–መ ነው። ወ መሆኗን በምን እናውቃለን? የአሁኑን ጊዜ «የቁሙ» ስለሚል ነው፤ ኡ የወ አሻራ ናት። የየ ቢሆን ኖሮ ኢ ይመጣ ነበር፤ ሸጠ የሚለው «ባዐ» «የቢዑ» እንደሚለው። ግዕዝ እዚህ ላይ ሥሩን ገልጦ ይዞታል፤ ቆመ ሲል «ኦ» የወ ትራፊ ናት፣ ሤመ ሲል «ኤ» የየ ትራፊ ናት።

እንግዲህ ቀ–ወ–መን በአራተኛው ልክ፣ በ«አፍዐለ» ብናስገባው «አቅወመ» መሆን ነበረበት፤ ወ ተዋጠችና «አቃመ» ሆነ። አቆመ፣ ሰነበተ፣ ኖረ ማለት ነው። የዚህ ልክ ስም «ኢፍዓል» ነው። በዚሁ ልክ ሰ–ለ–መ ሲገባ «ኢስላም» ይሆናል፤ ሦስቱም ተነባቢ ጠንካራ ስለሆኑ ሁሉም በቦታው ቁጭ ይላል። ቀ–ወ–መ ሲገባ «ኢቅዋም» መሆን ነበረበት፤ ግን ወ ወጣች፤ ሰዋስዋቸው ለጠፋችው ድምፅ ካሣ ብሎ መጨረሻ ላይ «ተ» ሰጠ፤ «ኢቃመት»፣ ሲቆም ኢቃማ። እንግዲህ የመኖሪያ ፈቃዱ ወረቀትና ኢስላም የሚለው ቃል የአንድ ልክ ስሞች ናቸው፤ ሲሰሙ አይመስሉም እንጂ። መስጊድ ውስጥ ሶላት ሊጀመር ሲል የሚባለውም ኢቃማ ይኸው ቃል ነው፤ ሶላትን ማስቆም።

ልኩ ራሱ በሥር ውስጥ የሚበላበት ጊዜም አለ። እዚህም ዳንግላ ገበያም እህል ሲሸጥ ሚዛን ይወጣል። በዐረብኛ ሚዛን የመሣሪያ ልክ ነው። ሥሩ ወ–ዘ–ነ፣ መመዘን ነው፤ ልኩ ከፊት «ሚ» ያስገባል፤ ቁልፍ «ሚፍታሕ» እንደሚባለው። «ሚውዛን» መሆን ነበረበት፤ ወ በኢ ተዋጠችና ሚዛን ሆነ። አማርኛ ቃሉን ሲይዘው ያንን ከፊት የገባ መ ሥር አደረገው፤ መዘነ፣ መዛኝ፣ ተመዘነ፣ ምዘና አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ሥሩ መ–ዘ–ነ ነው፤ ለዐረቡ ግን ወ–ዘ–ነ ነው። ማን ትክክል ነው አይባልም፤ ሁለቱም በየቤታቸው ትክክል ናቸው። የዐረብኛውን ሥር ለማግኘት ግን ብዙ ቁጥሩን ጠይቁት፤ «መዋዚን» ይላል፤ የተዋጠችው ወ ትመለሳለች።

ይህ በመዝገበ ቃላት ላይ ሲመጣ ጥቅሙ ይታያል። የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ከጥንት ጀምሮ በሥር ተደራጅቷል፤ በስምንተኛው ክፍለ ዘመን የባስራው ኸሊል ኢብን አሕመድ ሥሮችን በቅያሬ እያገላበጠ የሰበሰበበት «ኪታብ አልዐይን» ቀዳሚው ነው። በኛም አገር በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃሉን በግሱ ሥር ነው የሚያስገኘው። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤቱ ዐረብኛ መዝገበ ቃላት ያለው ሰው መክተብን በመ ሥር ቢፈልግ አያገኘውም፤ በከ፣ ከተበ ብሎ ይክፈት። ኢስቲቅዳምን በቀ፣ ቀደመ ብሎ ያግኘው። ኢቃማን ለማግኘት ቀ–ወ–መ ብሎ ወዋን ራሱ መመለስ አለበት፤ ሚዛንን ደግሞ በወ፣ ወዘነ ከሚለው ሥር ያገኘዋል።